ኢንሹራንሱ ኦፕራሲዮኑን አልከፍልም ካለ መጀመሪያ የእኛን የሐኪሞቹን ወረቀት እዩት

ከገርጂ የመጡ አንዲት የ41 ዓመት ታካሚዬ የኢንሹራንሱን የእምቢታ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። የሐሞት ጠጠር አለባቸው። በአራት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር አሟቸው፣ ሁለቴ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል። ደብዳቤው ግን «ሕክምናው አስፈላጊ መሆኑ አልተረጋገጠም» ይላል።

እውነቱን ልናገር? ጥፋቱ የእኔም ነበር። የጻፍኩት ማስረጃ አንድ መስመር ነው፦ «የሐሞት ጠጠር፣ ኢሌክቲቭ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል።» ለእኛ ለሐኪሞች «ኢሌክቲቭ» ማለት ቀጠሮ ተይዞ የሚሠራ ማለት ነው። ፋይሉን ለሚያየው ሰው ግን «ቢቀርም ችግር የለውም» ተብሎ ይነበባል። በዚያ ላይ ሕመም የማይሰጥ የሐሞት ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም። እሳቸው ከእነዚያ እንደሚለዩ የሚያሳይ ምንም ነገር አልጻፍኩም።

ሁለተኛውን ማስረጃ እንዲህ ጻፍኩት፦ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ድንገተኛ ክፍል የገቡባቸው ሁለት ቀናት፣ የአልትራሳውንዱ ውጤት ከነቀኑ። ቀጥዬ ማስታገሻ ሕመሙን እንጂ ጠጠሩን እንደማያጠፋው፣ ከቆየ ደግሞ የሐሞት ከረጢት ወይም የቆሽት ብግነት ሊያመጣ እንደሚችል ገለጽኩ። «ኢሌክቲቭ» የሚለውን አውጥቼ «በቀጠሮ የሚሠራ፣ ነገር ግን ሊቀር የማይገባው» አልኩ። የቀዶ ሐኪሙም ፈረመበት።

የይግባኝ ደብዳቤውን እሳቸው ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። የፖሊሲ ቁጥር፣ የእምቢታው ቀን፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ ከዚያ ለዚያ ምክንያት ብቻ መልስ። እምቢታው በቃል ከሆነ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምክንያቱን ሳታውቁ መልስ መስጠት አይቻልም። ኢንሹራንሱ በመሥሪያ ቤት በኩል ከሆነ ውሉን የፈረመው መሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ደብዳቤው በሰው ኃይል ክፍል በኩል ይግባ፤ ቅጂው ላይም «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ይደረግበት። በዚህም ካልተፈታ፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው።

«ከውሉ በፊት የነበረ በሽታ ነው» ከተባላችሁ ደግሞ ወሳኙ ቀን ነው። የመጀመሪያው ካርድ ላይ ያለው ቀን ከውሉ በኋላ ከሆነ እሱን አያይዙ። በፊት ከሆነ ግን «ዶክተር፣ ቀኑን ቀይርልኝ» አትበሉን። ያ ሐሰተኛ ማስረጃ ነው። ውሉ በግልጽ ያገለለውን ሕክምና፣ ወይም ያለቀውን የዓመት ጣሪያ፣ የትኛውም የሐኪም ደብዳቤ አይመልሰውም።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ አሥር ደቂቃ ወስደን ሙሉ ማስረጃ ብንጻፍ ታካሚው ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም።

በመጨረሻም፦ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ትኩሳት ካለው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሕመሙ ለሰዓታት አልለቅ ካለ የኢንሹራንሱን መልስ አይጠብቅ። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።