ሰባ በሠላሳው ማንን ይመዝናል?

በጨረታ ሰነድ ላይ «ቴክኒክ 70፣ ዋጋ 30» ተብሎ ከተጻፈ ግምገማው ግልጽ ነው የሚል እምነት በየግዥ ክፍሉ ሥር ሰዷል። የተሸነፈ ተጫራች ቅሬታ ይዞ ቢመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ክብደቱን አስቀድመን አሳውቀናል» ይባላል። የታወጀው ክብደት ግን ብቻውን አሸናፊ አይለይም። ኮሚቴው በተጫራቾች መካከል የቴክኒክ ነጥብን ምን ያህል አራርቆ እንደሰጠም አሸናፊውን ይወስናል።

የሕንፃ ግንባታ ለመቆጣጠር ሁለት አማካሪዎች ቀረቡ እንበል። አንደኛው 3 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 2.4 ሚሊዮን ብር ጠየቁ። በተለመደው ስሌት ርካሹ 30ውን ነጥብ ሙሉ ይወስዳል። ለሌላው ዝቅተኛው ዋጋ ለእሱ ዋጋ ተካፍሎ በ30 ይባዛና 24 ይሆናል። ዋጋ የፈጠረው ልዩነት 6 ነጥብ ነው ማለት ነው። ኮሚቴው በቴክኒክ ከመቶ 92 እና 80 ሰጥቷቸው ከሆነ፣ በ70 ሲመዘን የ8.4 ነጥብ ልዩነት ይመጣል፤ ውዱ 88.4 ለ86 ያሸንፋል። ያው ኮሚቴ፣ ያንኑ ሰነድ አይቶ፣ 88 እና 82 ቢሰጥስ? ልዩነቱ ወደ 4.2 ይወርድና ርካሹ 87.4 ለ85.6 ይወስደዋል። ሰባ በሠላሳው አልተነካም፤ አሸናፊው ግን ተቀየረ።

ነጥብ የሚቀራረበው አብዛኛውን ጊዜ በተንኮል አይደለም። «የሥራ ዘዴ፣ 30 ነጥብ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ገምጋሚው ለሁሉም 24፣ 25 መስጠቱ ከክርክር ያድነዋል፤ ኦዲተር ቢጠይቀውም ማስረዳት ይቀለዋል። ያን ጊዜ 70 በመቶ ይመዝናል የተባለው ቴክኒክ ማጣሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ውድድሩም የዋጋ ይሆናል። ዋጋን ቀድሞ ያወቀ ኮሚቴ ደግሞ የፈለገውን ለማሳለፍ ነጥቡን ጥቂት ማራራቅ ወይም ማቀራረብ ይበቃዋል።

መፍትሔው መቶኛውን መቀያየር አይደለም። ሰነዱ ለእያንዳንዱ መስፈርት ሙሉ ነጥብ፣ ግማሽ ነጥብና ዜሮ የሚያሰጠውን ነገር ይጻፍ፤ ለምሳሌ ዋናው መሐንዲስ በምን ያህል ተመሳሳይ ሥራ ስንት እንደሚያገኝ። «ተጫራቹ ወረቀቱን ለነጥብ ብሎ ያሰማምራል» የሚል ስጋት አለ፤ እውነት ነው፣ ግን የባለሙያው ማስረጃ ከአሠሪው ጋር ሊረጋገጥ ይችላል፣ የገምጋሚው ስሜት ግን አይረጋገጥም። የዋጋ ስሌቱም በሰነዱ ይቀመጥ። የቴክኒክ ነጥብ የዋጋው ፖስታ ሳይከፈት ተፈርሞ ይዘጋ፣ በመክፈቻው ቀንም ተጫራቾች ፊት ይነበብ።

ተጫራቾችም ሰነዱን የምታነቡት ለማስያዣው መጠን ብቻ አይሁን። የነጥብ አሰጣጡ ካልተብራራ የማብራሪያ ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ውጤት ከወጣ በኋላ የሚቀርበው ይኸው ጥያቄ የተሸናፊ ቅሬታ ተብሎ ይታለፋል።