ጁስ አይደክመውም

ድርጅቶች በሚም ሲያስተዋውቁ ለምንድነው እኛ የምናፍርላቸው? እንደ ፈረንጆቹ በየካቲት 2019፣ አሜሪካ ውስጥ በሱፐር ቦውል ምሽት፣ ሰኒ ዲ የሚባለው የጁስ ብራንድ ትዊተር ላይ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ጻፈ። ሌሎች ብራንዶችም እንደ ጓደኛ ሊያጽናኑት ተሰለፉ። ብዙ ሰው ግን ተሳለቀባቸው፤ በድብርት ትቀልዳላችሁ ብሎ የተቆጣም ነበር።

ልጆች እንዲህ ብለው የሚቀልዱት እውነትም ስለደከማቸው ነው። ሚሙ የሚያስቀው ተናጋሪው በራሱ ስለሚስቅ ነው። ጁስ ግን አይደክመውም፤ ቃሉን ተዋሰ እንጂ ድካሙን አያውቀውም።

አስተማሪ በአራዳ ቋንቋ ሲያወራ ክፍሉ የሚስቀው ቃሉን ስለሳተ ብቻ እኮ አይደለም። መጨረሻ ላይ ማርክ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ነው። ድርጅቱም የቱንም ያህል ጓደኛ ቢመስል፣ መጨረሻ ላይ «ግዙኝ» እንደሚል እናውቃለን።