«ድሃ ሀገር ነን» የማይሠራበት ግዴታ

የአካል ጉዳተኞች መብት ሲነሳ ሁልጊዜ አንድ መልስ አለ፦ «ሀገሩ ድሃ ነው፣ በጀት የለም»። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ በጀት ውስን መሆኑን ለመካድ አልሞክርም። ሊፍት ገንዘብ ይፈልጋል፣ የብሬይል ማተሚያም ገንዘብ ይፈልጋል። ግን መንግሥት ስምምነቱን ሲያጸድቅ ከገባቸው ግዴታዎች ውስጥ ስንቶቹ ናቸው በእርግጥ ገንዘብ የሚጠይቁት?

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ የምናወራው ጄኔቫ ስላለ ወረቀት ሳይሆን ስለ ራሳችን ሕግ ነው።

የስምምነቱ አንቀጽ 4 የመንግሥትን ዋና ዋና ግዴታዎች ይዘረዝራል። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል እዚያ ውስጥ አለ፤ የሚሠራው ግን ለኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ነው፣ ለምሳሌ ለጤናና ለትምህርት። መንግሥት እነዚህን አቅሙ የፈቀደውን ያህል አሟጦ ደረጃ በደረጃ እንዲያሟላ ተፈቅዶለታል። እዚያው ላይ ግን ወዲያውኑ ተግባራዊ የሚሆኑ ግዴታዎች በዚህ እንደማይነኩ ተጽፏል። አድልዎ ቀስ በቀስ አይቀርም። ዛሬ ግማሹን አድልዎ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሩቡን ብሎ ነገር የለም። አድልዎ የሚያደርጉ ነባር ሕጎችንና ልማዶችን ማሻሻል ወይም መሻር እዚያው አንቀጽ 4 ላይ በግልጽ የተጻፈ ግዴታ ነው።

እኔ ልይዘው የምፈልገው ይሄን የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ወጪው በአብዛኛው ቀለምና ወረቀት ነው።

ዓይነ ስውር የሆነ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ደሞዝ የሚገባበት ሂሳብ ሊከፍት አብሬው ባንክ ሄጄ ነበር። ሠራተኛዋ ጨዋ ነበረች፤ ግን ፎርሙን ካየች በኋላ ጥያቄውን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ አቀረበችው፦ «ምስክር የሚሆን ቤተሰብ አለው?» ሰውዬው ዲግሪ አለው፣ ሥራ አለው፣ ከእኔ የተሻለ ደሞዝም አለው (ይሄ ትንሽ ያመኛል)። ሂሳቡን ለመክፈት ግን ምስጢሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው ማምጣት ነበረበት።

ይህ የአንዲት ሠራተኛ ክፋት አይደለም። ሥሩ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። አንቀጽ 1728(3) ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ፊርማ በውል አዋዋይ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ሐሳቡ ጥበቃ ነበር፦ ሰውየው ያላነበበውን እንዲፈርም ተታሎ ንብረቱን እንዳያጣ።

አሁን ነገሩን በባንኩ ዓይን እዩት። ፊርማው የማያስገድደው ደንበኛ ለባንክ አደጋ ነው። ነገ «አልፈረምኩም» ቢል ባንኩ የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ባንኩ አደጋውን ወደ ደንበኛው ያሻግረዋል፦ ምስክር አምጣ፣ ወኪል አምጣ፣ ብድርማ አይታሰብም። ለጥበቃ የተጻፈው ሕግ በር መዝጊያ ሆነ ማለት ነው። ስምምነቱ ደግሞ በአንቀጽ 12(5) አካል ጉዳተኞች የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቆጣጠር፣ የባንክ ብድርም ከሌላው እኩል የማግኘት መብት እንዳላቸው ያስቀምጣል። ሁለቱ ሕጎች ፊት ለፊት ተጋጭተዋል። ባንክ ቤቱ ደግሞ በልማድ የሚያውቀው የድሮውን ነው።

ታዲያ 1728(3) ዝም ብሎ ይሰረዝ? አይመስለኝም። የማጭበርበር ስጋቱ እውነት ነው። ስምምነቱም ድጋፍ አያስፈልግም አይልም፤ ድጋፉ የሰውየውን ፈቃድና ምርጫ ያከበረ ይሁን ነው የሚለው። ስለዚህ ሸክሙን ማዞር ይቻላል። ባንኩ ውሉን ለደንበኛው ያንብብለት፣ ያነበበውን በድምፅ ይቅዳ፣ በስልኩ ሊያዳምጠው የሚችለውን ቅጂ አስቀድሞ ይላክለት። ምስክር የሚኖረው ደንበኛው ራሱ ሲፈልግና ራሱ ሲመርጥ ብቻ ይሁን። ይህን ለመጻፍ አንድ ማሻሻያ አዋጅና አንድ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ይበቃል። ሲረቀቅ ደግሞ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች ከመነሻው ጠረጴዛው ላይ መኖር አለባቸው። ይህም አንቀጽ 4 ያስቀመጠው ግዴታ እንጂ የመንግሥት ትህትና አይደለም።

«ባንኩ የግል ነው፣ መንግሥት ምን አገባው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አንቀጽ 4 ማንኛውም ሰው ወይም የግል ድርጅት የሚያደርገውን አድልዎ ለማስወገድ መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በሃንጋሪ ታይቷል። እዚያ ኦቲፒ የተባለ ትልቅ ባንክ ዓይነ ስውራን ደንበኞች እንደማንኛውም ሰው የካርድ ክፍያ እየከፈሉ ኤቲኤሙን ያለ ሰው እርዳታ መጠቀም አልቻሉም። ቁልፎቹ ብሬይል የላቸውም፣ ማሽኑም አይናገርም። ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ የበላይ ፍርድ ቤቶች ግን ውሉን ወዳችሁ ነው የገባችሁት በሚል ዓይነት ምክንያት መለሷቸው።

ጉዳዩ ስምምነቱን ወደሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ ሄደ። ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በ2013 ሃንጋሪ የተደራሽነት ግዴታዋን ጥሳለች ሲል ወሰነ። ጥፋተኛ የተባለው ባንኩ ሳይሆን መንግሥት መሆኑን ልብ በሉ። ኮሚቴው የግል ባንኮች የሚከተሉት ዝቅተኛ መስፈርት እንዲወጣ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ዕቅድ እንዲኖር፣ አዲስ የሚገዙ ኤቲኤሞችም ሁሉ ተደራሽ እንዲሆኑ ጠየቀ። ለኢኮኖሚስት ደስ የሚለው ይሄ የመጨረሻው ነው። የቆመውን ማሽን ሁሉ በአንድ ሌሊት ቀይሩ አልተባለም፤ ለነባሩ ዕቅድና ጊዜ ተሰጠው። አዲሱን ግን ስትገዛ አስበህ ግዛ ነው፤ ምክንያቱም ከመነሻው ማሰብ በኋላ አፍርሶ ከመሥራት ይረክሳል።

በእኛ ሀገር ደግሞ ኤቲኤሙ ስልካችሁ ውስጥ ገብቷል። አንድሮይድ ከያዛችሁ ሴቲንግ ውስጥ «Accessibility» ግቡና TalkBackን አብሩ። አሁን በአንድ ጣት መንካት ማስነበብ ብቻ ነው፤ ለመክፈት ሁለቴ ትነካላችሁ። ከዚያ የባንካችሁን አፕ ከፍታችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑና ሃምሳ ብር ለመላክ ሞክሩ። ድምፁ «ላክ» ካለ ጥሩ ነው። «unlabelled button» ካለ ግን ፕሮግራመሩ ለዚያ ምስል ስም አልሰጠውም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የጎደለው ይቺን የምታህል መስመር ናት፦

```
android:contentDescription="ላክ"
```

ይቺን መስመር መጻፍ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም። የጎደለችበትን አፕ ያገኛችሁ ለባንኩ ስትጽፉ የማያዩ ሰዎችን እርዱ አትበሉ፤ የአዋጅ 676ን ቁጥር ጥቀሱ።