ፌሮ መሃል ላይ ሲቀጥን፦ አንድ ሥራ ተቋራጭ ለባለቤቱ ሊጽፈው የሚገባ ደብዳቤ

ከአምዱ ጸሐፊ

በኢትዮጵያ ከተሞች የመኖሪያ ቤት ግንባታ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዋጋ ተጀምሮ በሌላ ዋጋ የሚያልቅ በመሆኑ፣ መሠረቱና የመጀመሪያው ወለል በዲዛይኑ መሠረት ከተሠሩ በኋላ ባለቤቱ የብረቱ ወጪ ሲከብደው «ከዚህ በላይ ላለውስ ቀጠን ያለ ፌሮ ቢገባ ምን አለበት?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው። ጥያቄው ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ሸክሙ ይቀንሳል ከሚል ግማሽ እውነት የሚነሣ ስለሆነ፣ አነስተኛ ሥራ ተቋራጭ «አይሆንም» ብሎ ከማለፍ ይልቅ ይህንኑ ግማሽ እውነት የሚፈታ ደብዳቤ ቢጽፍ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ሸክም ወደ ላይ እየቀነሰ የሚሄደው በምሰሶዎች ላይ ነው፤ የምድር ቤቱ ምሰሶ ከበላዩ ያሉትን ወለሎች ሁሉ ሲሸከም የላይኛው ምሰሶ የሚሸከመው ከእርሱ በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ መሐንዲሱም ይህንን አስቀድሞ አስልቶ መቀነስ የሚቻለውን በፕላኑ ላይ ቀንሶታል። ቢም የሚባለው አግዳሚ ወራጅና ሶሌታው ግን የሚሸከሙት የራሳቸውን ወለል በመሆኑ፣ የሁለተኛው ወለል ቢም ከመጀመሪያው ያነሰ ሥራ የለውም። እንዲያውም ጣሪያው ላይ 2,000 ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር ከተቀመጠ፣ ሲሞላ ውኃው ብቻውን 2 ቶን ስለሚመዝን ከሥሩ ያለው ክፍል ተጨማሪ ሸክም ያርፍበታል።

ለምሳሌ በአንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ፕላን ላይ ለቢሙ የታችኛው ክፍል ሦስት ባለ 16 ፌሮዎች ታዘው ባለቤቱ በባለ 14 ይተኩ ቢል፣ ልዩነቱ ለዓይን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ኃይልን የሚሸከመው ግን ፌሮው ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ገጽ ስፋት ሲሆን፣ ይህ ስፋት ከውፍረቱ ጋር እኩል ሳይሆን በውፍረቱ ካሬ መጠን ይቀንሳል። ሦስቱ ባለ 16 በድምሩ 603 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆኑ ሦስቱ ባለ 14 ደግሞ 462 ናቸው፤ ከብረቱ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። በባለ 12 ቢተኩ የሚቀረው 339 ብቻ ስለሚሆን ጉድለቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ቀጭን ፌሮ በራሱ ነውር የለበትም። አራት ባለ 14 ፌሮዎች 616 ካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚሆኑ፣ በመካከላቸው ጠጠሩ የሚያልፍበት ክፍተት እስካለና ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ እስከ ፈቀደ ድረስ ሦስቱን ባለ 16 ሊተኩ ይችላሉ። ነገር ግን የሦስቱ ባለ 16 ክብደት በአንድ ሜትር 4.74 ኪሎ ሲሆን የአራቱ ባለ 14 ደግሞ 4.83 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በትክክል የተተካ ብረት ወጪ አያድንም። ገንዘብ የሚተርፈው ኪሎ ሲጎድል ነው፣ የጎደለውም ኪሎ የቢሙ አቅም ነው፤ ባለቤቱ ከደብዳቤው ሊረዳው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው።

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ሲሆን ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው፤ የመጎተት አቅሙ ጫናን ከሚችልበት አቅም አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ቢም በሸክም ሲጎብጥ የታችኛው ፊቱ ስለሚለጠጥ ኮንክሪቱ እዚያ ይሰነጠቃል፣ ጉተታውንም ፌሮው ይረከባል፤ ፌሮው ካነሰ ስንጥቁ ይሰፋል፣ ቢሙ ይረግባል፤ እጅግ ካነሰም ኮንክሪቱ በተሰነጠቀበት ቅጽበት ብረቱ ሊበጠስ ይችላል። ይህ ሁሉ ካሳፎርማው በተነሣ ማግስት ላይታይ ይችላል፤ ግድግዳው፣ ሴራሚኩና ነዋሪው ከገቡ በኋላ የሚገለጥ ነውና «ሠርተን አየነው፣ ምንም አልሆነም» የሚለው ማስረጃ ዋጋ የለውም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው ርዕደ መሬት ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱ ሲታሰብ፣ በድንገት የደከመ ወለል ያለው ሕንፃ ጉዳቱ በዚያው ወለል ላይ ሊከማች እንደሚችልም መጨመር ይገባል።

ባለቤቱ ፌሮውን ራሱ ገዝቶ የሚያቀርብ ከሆነ ደግሞ የስም ውፍረት አያስተማምንም። አንድ ሜትር ቆርጦ መመዘን ቀላሉ መፈተሻ ነው፤ ባለ 12 ፌሮ በሜትር 890 ግራም ያህል መመዘን አለበት፣ 800 ግራም ከመዘነ እውነተኛ ውፍረቱ 11.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአቅሙም አንድ አሥረኛው በግዢው ላይ ጠፍቷል።

ገንዘቡ በእርግጥ ካልበቃ ከደብዳቤው ጋር ሊቀርብ የሚችለው አማራጭ የማጠናቀቂያ ሥራውን ማቅለል ወይም ሁለተኛውን ወለል ማዘግየት ነው፤ በዚህ ጊዜ ለቀጣዩ ምሰሶ ወደ ላይ የተተዉት ፌሮዎች እንዳይዝጉ ኋላ በሚፈርስ ስስ ኮንክሪት ይሸፈናሉ። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ ባለቤቱ መቀበሉን ቢፈርምበት፣ ለውጥ የሚጠየቅ ከሆነም የመሐንዲሱ የጽሑፍ ፈቃድ እስኪመጣ የዚያ ወለል ኮንክሪት እንደማይሞላ በግልጽ ቢሰፍርበት ይመረጣል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን ለሥራው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋልና።