ቮልቱን ተዉት፤ ዋት-ሰዓቱን አሳዩን

ቲክቶክ ላይ በየጊዜው የምታዩት ቪዲዮ ነው። አንድ ልጅ ከፒቪሲ ቱቦ ሦስት ክንፍ ቆርጦ ያወጣል፣ አሮጌ ሞተር ላይ ያስራቸዋል፣ ጣሪያ ላይ ይሰቅለዋል። ነፋስ ሲመጣ ክንፉ ይሽከረከራል፤ የሞተሩ ሁለት ገመዶች መልቲሜትር ላይ ሲነኩ 23 ቮልት ይነበባል። “ከመብራት ኃይል ተገላገልን!” የሚል ጽሑፍ ይመጣና ቪዲዮው ያልቃል።

የኔ ጥያቄ የሚጀምረው ግን ቪዲዮው ያለቀበት ቦታ ላይ ነው። ይሄ ነገር በቀን ስንት ስልክ ቻርጅ ያደርጋል?

23 ቮልት ይህን አይነግረንም። ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ሮቶ አስቡ። ከፍ ስላለ ቧንቧው ውስጥ ግፊት አለ፤ ቧንቧውን እስካልከፈታችሁ ድረስ ግን አንድ ባልዲ እንኳ አልሞላም። ቮልት ያ ግፊት ነው። ምንም ነገር ያልተገናኘበት ተርባይን የሚያሳየው ግፊቱን ብቻ ነው። ኃይሉ (ዋቱ) የሚታወቀው ባትሪ ተገናኝቶ ምን ያህል አምፒር እንደሚፈስ ስትለኩ ነው፤ ቮልት በአምፒር ሲባዛ ዋት ይሆናል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ከ110 ሚሊሜትር ቱቦ የተቆረጡ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ክንፎች አሉን እንበል። ሲዞሩ የሚጠርጉት ክብ 1.13 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ በሰከንድ 4 ሜትር ይነፍሳል፤ ቅጠል የሚያወዛውዝ፣ ፊት ላይ በደንብ የሚሰማ ነፋስ ማለት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባህር ጠለል አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ይህን ይዘን ስናሰላ በዚያ ክብ ውስጥ የሚያልፈው ነፋስ የተሸከመው ኃይል በጠቅላላው 33 ዋት ብቻ ነው። የፊዚክስ ሕግ ደግሞ የትኛውም ተርባይን ከዚህ ከ59 በመቶ በላይ መውሰድ እንደማይችል ይናገራል። በእጅ የተቆረጠ ቱቦ የክንፉም የሞተሩም ብክነት ተቀንሶ 15 በመቶ ካገኘ ጥሩ ሠርቷል። ስለዚህ የሚደርሰን 5 ዋት ነው። ያ 23 ቮልት የነበረው ተርባይን ባትሪ ሲገናኝበት ወደ 12.6 ቮልት ይወርድና 0.4 አምፒር ይሰጣል። ቪዲዮው አልዋሸም፤ የለካው ሌላ ነገር ነው።

“ክንፉን ከእንጨት ብሠራውስ?” ትሉ ይሆናል። ጥሩ እንጨት ውፍረቱንና ጥምዘዛውን እንደፈለጋችሁ ስለሚጠረብ ከቱቦ የተሻለ ክንፍ ይወጣዋል። ፒቪሲ ደግሞ ፀሐይ ሲቆይበት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በፍጥነት ሲዞር ይለመጣል። ግን እንጨቱ 15 በመቶውን ወደ 25 ቢያደርስላችሁ እንኳ ያው 8 ዋት ነው። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የነፋሱ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በአጥርና በፎቅ መሀል ካለ ጣሪያ ይልቅ ከዛፍና ከቤት በላይ የወጣ ምሰሶ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ግን ሞተር ሲገዛ ነው። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ሞተር ከማንሳታችሁ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 24 ቮልት፣ በደቂቃ 2600 ዙር ይላል እንበል። የኛ ክንፍ በ4 ሜትር ነፋስ ሥራ ላይ ሆኖ በደቂቃ 300 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። 24ን ለ2600 አካፍላችሁ በ300 ስታባዙ 2.8 ቮልት ይመጣል። በዚህ የ12 ቮልት ባትሪ አይሞላም፤ ቢሽከረከርም ባትሪው ውስጥ ምንም አይገባም። 180 ቮልት፣ 4000 ዙር የሚል ሞተር ብታገኙ ግን በ300 ዙር 13.5 ቮልት ይሰጣችኋል። የመኪና ዲናሞም ለዚህ አይሆንም፤ የተሠራው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ለሚዞር ሞተር ነው፣ በዚያ ላይ ራሱ ማግኔቱን ለመፍጠር ከባትሪው ኃይል ይወስዳል። ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ከሻጩ ምላስ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። ከሞተሩ ወደ ባትሪው በሚሄደው መስመር ላይ ዳዮድ አስገቡ። ዳዮድ ከሌለ ነፋስ ሲጠፋ ባትሪው ሞተሩን እንደ ቬንትሌተር ያዞረዋል። ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ሰዓት ክንፋችሁ እየዞረ ከሆነ እየሞላችሁ ሳይሆን ባትሪያችሁን እየጨረሳችሁ ነው። ከዳዮዱ በኋላ፣ ከባትሪው በፊት፣ ዋት-ሰዓት የሚደምር ዲሲ ዋትሜትር አገናኙ። ባትሪው ሞልቶ መቀበል እንዳያቆም በየቀኑ ተጠቀሙበት፤ ያለዚያ ልኬቱ የተርባይኑን ሳይሆን የባትሪውን ጥጋብ ነው የሚያሳያችሁ። የምትጠቀሙበትን ዕቃ ግን ከባትሪው ላይ ለብቻው አገናኙት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፤ ቢያንስ ሰባት ቀን።

ለምን ሰባት? ግማሹን ሰዓት በ2 ሜትር፣ ግማሹን በ6 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አማካዩ 4 ነው። የተሸከመው ኃይል ግን ዝም ብሎ በ4 ከሚነፍሰው በ75 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ የአንድ ከሰዓት ልኬትም ሆነ የዌዘር አፕ አማካይ እውነቱን አይነግራችሁም። አፑ የሚያሳየው ደግሞ ሜዳ ላይ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ግምት እንጂ የእናንተን ግቢ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ጭነት ያልተገናኘበት ተርባይን የሚይዘው ነገር ስለሌለ በኃይለኛ ነፋስ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል፤ ክንፍ ተሰብሮ የሚበረው ያኔ ነው። ለቪዲዮ ባዶ ገመድ ይዞ ቮልት መለካት ማለት ተርባይኑን በዚህ ሁኔታ ማስሮጥ ነው። ክንፉ በሚዞርበት መስመር ትይዩ አትቁሙ።

አሁን ወደ ተማርኩበት ኢኮኖሚክስ ልምጣ። በሳምንቱ መጨረሻ ቆጣሪው 210 ዋት-ሰዓት አለ እንበል፤ በቀን 30 ማለት ነው። የ5000 ሚሊአምፒር ባትሪ ያለው ስልክ፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 25 ዋት-ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ተርባይናችሁ በቀን አንድ ስልክ ይሞላል። ባለ 50 ዋት የፀሐይ ፓነል ደግሞ በጥሩ ቀን ከ150 ዋት-ሰዓት በላይ ይሰጣል፣ የሚሰበር ክንፍም የለውም። የሁለቱንም ጠቅላላ ወጪ፣ ምሰሶውንና ብየዳውን ጨምራችሁ፣ ለዋት-ሰዓቱ አካፍሉት። በብዙው የከተማ ግቢ ፓነሉ ያሸንፋል ባይ ነኝ። ነፋሻ ኮረብታ ላይ ለሚኖርና ሌሊትም ለሚነፍስለት ሰው ግን ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል፤ የሚለየውም ያ የሰባት ቀን ቁጥር ነው።

ትንሽ ኃይል የሚናቅ ነው እያልኩ አይደለም። የማላዊው ዊሊያም ካምክዋምባ ከቱቦ ክንፍ፣ ከትራክተር ቬንትሌተርና ከብስክሌት ዲናሞ የሠራው የመጀመሪያው ተርባይን 12 ዋት ነበር። ቤታቸው ውስጥ አምፖል አብርቶበታል፣ ሬዲዮም ከፍቶበታል፤ በ2007 አሩሻ ላይ በተካሄደው ቴድ መድረክ ወጥቶም ቁጥሩን በግልጽ ተናግሯል። 12 ዋት ምን እንደሚሠራ ያውቅ ስለነበር ለሚሠራው አዋለው።

እኛም ዘንድ ጎበዝ ሠሪዎች ሞልተዋል። ግን ቪዲዮ አይተው ለሞተር፣ ለቱቦና ለብየዳ ብራቸውን የሚያወጡ ተማሪዎችም አሉ፤ እነሱ ማወቅ ያለባቸው ባዶ ገመድ ላይ የታየውን ቮልት አይደለም። ስለዚህ ቀጣዩን ቪዲዮ ስትለቁ የዋትሜትሩን የመጀመሪያ ቀንና የሰባተኛ ቀን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልቀቁት። 30 ይሁን 300፣ ያኔ ላይክ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ሊወጣበት የሚችል ቁጥር ይሆናል።