መቼ ጀመረው?

የዚህ እትም ዋና ጉዳይ ክፍል ውስጥ አርፎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ ነው። አስተማሪው «ቀልቡን አይሰበስብም» ሲሉ ብዙ ወላጅ የትኩረት ማነስ ችግርን፣ ኤዲኤችዲን፣ ይጠረጥራል። ሐኪም ግን መቼ እንደጀመረው ይጠይቃል። ኤዲኤችዲ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ይታያል፤ ቤትም ትምህርት ቤትም ልጁን ይከተለዋል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ረጋ ብሎ የቆየ ልጅ አባቱ ከሞተ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥና ደብተሩ ላይ የሚፈዝ ከሆነ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ሐዘኑና ድንጋጤው ነው። የሚጨነቅ ልጅም ሐሳቡ የሚሸሸው ወደሚፈራው ነገር ነው። ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋው ደግሞ ቶንሲሉ ይታይለት፤ እንቅልፍ ያነሰው ልጅ ብዙ ጊዜ ከማንቀላፋት ይልቅ ይቅበጠበጣል። በእርግጥ ኤዲኤችዲና ከእነዚህ ችግሮች አንዱ አንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገጥሙ ይችላሉ። ከቀጠሮ በፊት የምትሞሉት የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ መመዝገቢያ ከመጽሔቱ ጋር ተያይዟል።