ቴሌቪዥኑ ተሸጠ፤ አካውንቱስ?

ሱሉልታ ላይ ቤት መቀየር የተለመደ ነገር ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ከእንጦጦ ማዶ ያሻገረው ሰው ኪራዩ ሲጨምርበት ወደ ቡራዩ ወይም ወደ ሰበታ ይዛወራል። (ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የተከራይ ኑሮ ግን አልተለወጠም።) በየዝውውሩ አይሱዙ ላይ የማይጫን ዕቃ ይሸጣል። አልጋው ይሸጣል፣ ቁም ሳጥኑ ይሸጣል፣ ቴሌቪዥኑም ይሸጣል።

አልጋና ቁም ሳጥን ከተሸጡ በኋላ ስለ ሻጩ የሚናገሩት ነገር የለም። ስማርት ቲቪ ግን ይናገራል። የሻጩን ስም፣ የኢሜይል አድራሻውን፣ ትናንት ማታ ያየውን፣ የቤቱን ዋይፋይ ፓስወርድ ይዞ ወደ ማያውቀው ሰው ሳሎን ይገባል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ የስማርት ቲቪ ሽያጭ የሚያልቀው ብሩ ሲቆጠር ሳይሆን፣ ስክሪኑ እንደ አዲስ ዕቃ «ቋንቋ ምረጥ» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ይህንን መጠየቅ ያለበት ደግሞ ሻጩ ብቻ ሳይሆን ገዢውም ጭምር ነው።

አንድ ምሳሌ እናንሳ። ከሱሉልታ ወደ ቡራዩ የምትዛወር አንዲት ተከራይ አለች እንበል። ባለ 43 ኢንች ቲቪዋን የገዛላት አሜሪካ ያለ ወንድሟ ነው። ለእረፍት የመጣ ጊዜ ሰካው፣ የራሱን የጎግል አካውንት አስገባበት፣ ኔትፍሊክሱን ከፈተላት፣ ተመልሶ ሄደ። አሁን ቲቪውን በደላላ በኩል እዚያው ግቢ ውስጥ ላለ ጎረቤት ትሸጠዋለች። ፍላሹን ነቀለች፣ ስክሪኑን ወለወለች፣ ሪሞቱን አስረከበች። ሁሉንም የጨረሰች ይመስላታል።

ምን ቀረ? ጎረቤቱ ቲቪውን ሲከፍት የሱን ዋይፋይ አይጠይቅም፤ ግድግዳው ማዶ ካለው የሻጯ ዋይፋይ ጋር ራሱ ይገናኛል፤ እስክትለቅ ድረስ ኢንተርኔቱ በሷ ሂሳብ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ዩቲዩብ ሲከፍቱ የሚያዩት የወንድምየውን ታሪክ ነው፤ እነሱ የሚያዩት ደግሞ አሜሪካ ባለው ሰው ታሪክ ላይ ይጨመራል። የባንክ ካርዱ ከጎግል አካውንቱ ጋር ከተያያዘና ለግዢ ፓስወርድ እንዲጠየቅ ካልተደረገ፣ አንድ ሕፃን በሪሞት ብቻ የሚከፈልበትን ነገር ሊገዛ ይችላል። ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ የለም። ሻጯም ገዢውም ጨዋ ሰዎች ናቸው። የተጎዳው ደግሞ በሽያጩ ውስጥ እጁ የሌለበት ሦስተኛ ሰው ነው።

ገዢውም ነፃ አይደለም። ዩቲዩብ ስልክን ከቲቪ ጋር በኮድ የማገናኘት አሠራር አለው። አንዴ የተገናኘ ስልክ ከቲቪው ጋር አንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አይጠበቅበትም። እናም ሻጯ ቡራዩ ሆና ስልኳ ላይ ቪዲዮ ስትከፍት፣ የድሮው ቲቪ ስም በዝርዝሩ ላይ ወጥቶ በስህተት ብትነካው፣ ሱሉልታ ያለው ሳሎን ውስጥ ያላዘዙት ቪዲዮ ሊከፈት ይችላል። በስህተት የሚሆነው ሆን ተብሎም ሊሆን ይችላል። ሪሴት ያልተደረገ ቲቪ የገዛ ሰው ቁልፉ ያልተቀየረ ቤት እንደተከራየ ይቁጠረው።

ታዲያ ሰው ለምን ሪሴት አያደርግም? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ዋናው ምክንያት ግን ፍርሃት ነው። ፍርሃቶቹም ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ቻናሉ ይጠፋል» የሚለው ነው። ገዢው ኢቢኤስ ሲሠራ ካላየ አይገዛማ! ነገር ግን በአብዛኛው ቤታችን ዲሹ የሚገባው ሪሲቨር ላይ ነው፤ ቲቪው ከሪሲቨሩ በገመድ የሚመጣውን ምስል ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ቻናሎቹ ያሉት ሪሲቨሩ ውስጥ ነው፤ የቲቪው ሪሴት አይነካቸውም። የሚጠፉት የዲሹ ገመድ በቀጥታ ቲቪው ላይ ተሰክቶ ከሆነ ብቻ ነው። ያኔም ቢሆን ገዢው ቤቱ ወስዶ ከራሱ ዲሽ ጋር ሲያገናኝ እንደገና መፈለጉ ስለማይቀር የድሮው ዝርዝር ብዙ አይጠቅመውም።

ሁለተኛው «ያየሁት ሁሉ ይጠፋብኛል» የሚለው ነው። አይጠፋም። የዩቲዩብ ታሪክም ሆነ የተመዘገባችሁባቸው ቻናሎች የሚቀመጡት አካውንቱ ላይ ነው፤ ቲቪው መስኮት ብቻ ነው። አዲሱ ቲቪ ላይ ስትገቡ እንዳለ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው «ገዢው ኢንተርኔት ከሌለው መልሶ መክፈት ያቅተዋል» የሚለው ነው፤ በተለይ ቲቪው ገጠር ላሉ ወላጆች የሚሰጥ ሲሆን። የጎግል ቲቪዎች ሲጀመሩ ያለ አካውንትና ያለ ኢንተርኔት እንደ ተራ ቴሌቪዥን ለመጠቀም የሚያስችል ምርጫ ያቀርባሉ (Set up basic TV ይላል)። በሌሎቹም ብዙውን ጊዜ ዋይፋዩን መዝለል ይቻላል። ሪሲቨር ለሚሰካበት ሰው ይህ ይበቃዋል።

አሁን ወደ አሠራሩ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። መጀመሪያ ቲቪው ለገዢው ይታያል፤ ምስሉ፣ ድምፁ፣ የገመድ መሰኪያዎቹ፣ ዋይፋዩ ይሞከራሉ። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ ፍላሹ ይነቀላል። ከዚያ እዚያው ገዢው ፊት ሪሴት ይደረጋል።

ጎግል ቲቪ ከሆነ Settings፣ ቀጥሎ System፣ ቀጥሎ About፣ ቀጥሎ Reset ይገባና Factory reset ይመረጣል። በቆዩት የአንድሮይድ ቲቪዎች ደግሞ መንገዱ በ Device Preferences በኩል ነው። ሳምሰንግ ላይ Settings ውስጥ General ወይም General & Privacy ተብሎ በተጻፈው ሥር Reset የሚል አለ፤ ፒን ሲጠይቅ ካልቀየራችሁት ብዙ ጊዜ 0000 ነው። ኤልጂ ላይ General ውስጥ Reset to Initial Settings ይላል። እዚህ ላይ ሰው በብዛት የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ፦ Reset Picture ወይም Reset Sound የሚለው የምስሉን ብርሃንና ድምፁን ብቻ ነው የሚመልሰው። አካውንታችሁ ንቅንቅ አይልም።

ሪሴቱ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስዳል። ቲቪው ራሱ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ የድርጅቱ ምልክት ላይ ትንሽ ይቆማል። በዚህ መሃል ከሶኬት አትንቀሉት። የመብራቱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብልጭ ድርግም በሚልበት ምሽት አትጀምሩት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ቲቪው ምልክቱ ላይ እንደተገተረ ሊቀር ይችላል። ሥራው ማለቁን የምታውቁት አንድ ነገር በማየት ነው፦ የቋንቋ ምርጫ ገጽ መምጣት አለበት። የመጣው የለመዳችሁት የዩቲዩብና የኔትፍሊክስ ገጽ ከሆነ ሪሴት አልሆነም። የቋንቋው ገጽ ሲመጣ አቁሙ። ምንም ሳትነኩ አጥፉትና አስረክቡ፤ ቀሪው የገዢው ሥራ ነው።

ሪሴት የማይደርስበት አንድ ጉዳይ ግን አለ። ስክሪኑ የተሰበረ ቲቪስ? ይህ ብዙ ጊዜ ለጠጋኝ በመለዋወጫነት ወይም ለቁራሌው ይሸጣል። «ምስል የለውም፣ ምን ይታያል?» እንላለን። መረጃው ግን ስክሪኑ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ያለው ከኋላ በኩል ባለው ማዘርቦርድ ላይ ነው። ጠጋኙ ያንን ቦርድ ነቅሎ ስክሪኑ ደህና በሆነ ተመሳሳይ ሞዴል ቲቪ ላይ ሲገጥመው፣ የሚነሳው በእናንተ ስም ነው። ሲሰበር አልጠፋም፤ ሲጠገን መልሶ ይነሳል ማለት ነው።

መፍትሔው ከስልክ ሆኖ ማስወጣት ነው፤ ቲቪውን ከሸጠ በኋላ ያስታወሰ ሰውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። በስልካችሁ የጎግል አካውንታችሁን ከፍታችሁ Security ውስጥ Your devices የሚለውን ተመልከቱ፤ ቲቪውን መርጣችሁ Sign out በሉ። እንደ ሳምሰንግና ኤልጂ ያሉ ቲቪዎች ላይ በዩቲዩብ አፕ ብቻ ገብታችሁ ከነበረ ደግሞ ይህን ገጽ ክፈቱ፦

```
myaccount.google.com/connections
```

YouTube on TV የሚል ካለ ፈቃዱን አንሱ። ይህ በዚህ መንገድ ከገባችሁባቸው ቲቪዎች ሁሉ ያስወጣችኋል፤ አዲሱ ላይ ተመልሳችሁ መግባት ነው። ኔትፍሊክስም በአካውንት ገጹ ላይ ከሁሉም መሣሪያ የሚያስወጣ Sign out of all devices አለው። በምሳሌያችን ይህን ማድረግ የሚችለው አሜሪካ ያለው ወንድም ነው፤ አካውንቱ የሱ ነውና። አንድ ስልክ መደወል ይበቃል።

የዚህ መንገድ ወሰኑ ግን ይታወቅ። ከሩቅ ሆኖ ማስወጣት አካውንቱን ይዘጋል እንጂ ቦርዱ ላይ የቀረውን የዋይፋይ ፓስወርድ አያጠፋም። ስለዚህ ያንኑ ዋይፋይ መጠቀም የምትቀጥሉ ከሆነ ፓስወርዱን ቀይሩ። ከስልካችሁ ዩቲዩብ ላይም የድሮውን ቲቪ አጥፉት።

የመጨረሻው ቃሌ ለገዢዎችና ለደላሎች ነው። እኛ አገር ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ገዢው መፈተሹ እንደ ነውር አይታይም፤ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ይሰማል፣ ፍሪጅ የሚገዛ በሩን ከፍቶ ያያል። ቲቪ የሚገዛም «አሠርተህ አሳየኝ» ካለ በኋላ «አሁን አጥፋልኝ» ማለት ይልመድበት። ደላላውም ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት የቋንቋውን ገጽ ያሳይ። ሻጩ «እቤትህ ሄደህ ራስህ አድርገው» ካለ፣ የሚያስረክባችሁ ቲቪውን ብቻ ሳይሆን የራሱን ስምና የወንድሙን ካርድ ጭምር መሆኑን ንገሩት። ያኔ ሪሞቱን ራሱ ይጠይቃችኋል።